ስንኛችንን የሚለካልን አጣን

የግጥም መድበል ይዞ ማተሚያ ቤት የገባ ሰው ሦስት ነገር ይጠየቃል። «ስንት ገጽ ነው? ስንት ኮፒ? ኤ5 ነው አይደል?» ሦስተኛው ጥያቄ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። እኔም አምቦ ላይ የሰማሁት ይኸንኑ ነው፤ ጉደርና ጊንጪ ያሉ ባልንጀሮቼም ሰምተውታል። ሦስት መቶ ኮፒ የምናሳትም ሰዎች ተገናኝተን ሻይ ስንጠጣ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ እዚያው ይወድቃል። አንዱ የገጽ ቁጥሩ እንደተቆረጠበት ይነግረናል፤ ሌላው የስንኞቹ መነሻ ፊደል በሙጫው እንደተዋጠበት፤ ሦስተኛው ደግሞ የኋለኛው ገጽ ግጥም በፊተኛው ላይ እንደ ጥላ እየታየ ንባቡን እንዳበላሸበት። ሁላችንም ከፍለናል፤ ሁላችንም ቀብድ ስንሰጥ ሥራው ጥሩ እንደሚሆን ተነግሮናል። «ረጅሙ ስንኝህ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?» ብሎ የጠየቀን ግን አንድም ሰው የለም።

ይህ ጥያቄ ቢነሣ ኖሮ ከእሮሮአችን አብዛኛው ባልኖረ ነበር። ግጥም እንደ ልብ ወለድ ወይም እንደ መማሪያ መጽሐፍ አይደለም። ዝርው ጽሑፍ ገጹን ጠበብ ብታደርገው ቃሉን ወደ ታች አውርዶ ይቀጥላል፤ አንባቢውም ምንም አይጎድልበትም። ስንኝ ግን ደራሲው ባቆመበት ቦታ መቆም አለበት። የገጹን ስፋት የሚወስነው ስንኙ እንጂ ማሽኑ ሊሆን አይገባውም ነበር።

እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት የኪስ መጽሐፍ ነበር። ከመድበሌ አንዱ ክፍል ስለ ሐሮ ወንጪ ነው። ሐይቁ ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ፣ በተራራው አናት ላይ ባለው የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ያረፈ ነው። ጎብኚው ከአፋፉ በእግሩ ወይም በፈረስ ወርዶ፣ በጀልባ ተሻግሮ የቂርቆስን ገዳም ይሳለማል። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል ከቆጠራት ወዲህ ስሟ ይበልጥ ርቆ ተሰማ። እኔም ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ጃኬት ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ መጽሐፍ ታየችኝ። የኪስ መጠን የሚባለው ኤ6 ነው፤ ወርዱ 105 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 148።

ማተሚያ ቤቱ «ይቻላል» አለኝ። ይቻላል የምትለው ቃል የስንቶቻችንን መጽሐፍ እንደበላች ቆጥሬ አልጨርሰውም። የሚቻል መሆኑንማ አውቃለሁ፤ እኔ የፈለግሁት ግጥሙ በዚያ ገጽ ላይ ምን እንደሚሆን የሚነግረኝ ሰው ነበር። የሚነግረኝ ሳጣ ቤቴ ገብቼ ግጥሞቹን በምፈልገው የፊደል መጠን፣ በ12 ነጥብ፣ በተራ ወረቀት አወጣሁና በማስመሪያ እያንዳንዱን ግጥም ለካሁ።

የአማርኛ ስንኝ በቀለም ይቆጠራል። ወል ቤት በምንለው ምት አንዱ ሐረግ 6 ቀለም ነው፤ ሙሉው ስንኝ 12። ፀጋዬ ቤት ደግሞ 8 በ8 ነው፤ ሙሉው 16። ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን የተወለዱባት ቦዳ ለአምቦ ቅርብ ናት፤ በእኛ አካባቢ ግጥም የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ በዚያ በረጅሙ ስንኝ ሳይሞክር አያልፍም። ነገር ግን ቀለምና ፊደል አንድ አይደሉም። አናባቢ የሌለው ሳድስ ለብቻው ቀለም ሆኖ ስለማይቆጠር፣ 12 ቀለም ያለው ስንኝ ወረቀት ላይ ሲወርድ 18 ወይም 20 ፊደል ይሆናል፤ በዚያ ላይ በቃላቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ይጨመራል። በእኔ መለኪያ የወል ቤቶቼ ስንኞች ከ60 እስከ 70 ሚሊ ሜትር ሆኑ። በፀጋዬ ቤት ከጻፍኳቸው ስድስት ግጥሞች ረጅሙ ስንኝ 88 ሚሊ ሜትር ወጣ። ፊደሉ ሌላ ዓይነት ቢሆን ቁጥሩ ይለወጣል፤ ስለዚህ ማንም ሰው የራሱን ስንኝ በራሱ ፊደል ለክቶ እንጂ የእኔን ቁጥር ይዞ መሄድ የለበትም።

አሁን ኤ6ን እንመልከተው። ከ105 ሚሊ ሜትር ላይ ቢላዋው ከጫፍ 3 ይወስዳል፤ 102 ይቀራል። ከመጽሐፉ ጀርባ በኩል 18፣ ከውጭ በኩል 12 ሚሊ ሜትር ሕዳግ ቢተው ለስንኙ የሚተርፈው 72 ነው። ወል ቤቱ ተጨናንቆም ቢሆን ይገባል። የ88ቱ ስንኝ ግን በ16 ሚሊ ሜትር ይተርፋል፤ ይህም ወደ አምስት ፊደል የሚጠጋ ነው። የተረፈው ወዴት ይሄዳል? ወደ ታች ይወርዳል። የሚወርደውም የስንኙ የመጨረሻ ቃል ነው፤ ቤት መምቻው ማለት ነው። አማርኛ ግጥም የሚመታው እዚያ ላይ ነው። ቤት መምቻው ተነጥሎ ታች ብቻውን ሲቀመጥ ዓይን እንደ ሌላ ስንኝ ይቆጥረዋል፤ ጮክ ብሎ የሚያነብም ሰው ትንፋሹን ያለ ቦታው ይወስዳል። ሁለት ስንኝ የነበረው አራት መስሎ ይታያል፤ ከአራቱ ሁለቱ ደግሞ የሚገጥማቸው የለም።

«ፊደሉን እናሳንሰው» ተባልኩ። ወደ 9.5 ነጥብ ቢወርድ 88ቱ ወደ 70 ዝቅ ይልና ይገባል። ነገር ግን የእኛ ፊደል የሚለየው በትንንሽ ምልክት ነው። ቡ እና ቢ የሚለዩት አንዲት አጭር ጭረት ወገቡ ላይ ወይም እግሩ ላይ በመቀመጧ ብቻ ነው። ፊደሉ ባነሰ ቁጥር ያቺ ጭረት ከአካሉ ጋር ትጣበቃለች። ግጥም ገዝተው የሚያነቡልን ሰዎች ብዙዎቹ መነጽር የሚያደርጉ ናቸው፤ እነሱን በ9.5 ነጥብ ማስቸገር ለእኔ አልሆነልኝም። የኪሱን መጽሐፍ ተውኩት። አጫጭር ስንኝ ብቻ ያለው ሰው፣ 5 በ5 በሚሄደው ሰንጎ መገን ወይም 4 በ4 በሆነው ቡሄ በሉ የጻፈ ሰው፣ ኤ6ን ያለ ፍርሃት ሊይዘው ይችላል። ለእሱ ተስማሚ ገጽ ነው።

ለአፋን ኦሮሞ ገጣሚዎቻችንም ነገሩ ይኸው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። በቁቤ ረጅም አናባቢም የሚጠብቅ ተነባቢም በድርብ ስለሚጻፍ፣ ሲነገር አጭር የሆነው ቃል ወረቀት ላይ ረጅም ነው። አንድ ጓደኛዬ የአማርኛ መድበል ከተሠራበት ገጽ ላይ መለኪያውን ወስዶ የአፋን ኦሮሞ ግጥሙን አስገባበት። ከሦስት ግጥም በአንዱ ስንኙ ተሰብሮበት ወጣ።

ኤ6 ሲቀር ወደ ኤ5 መጣሁ። ለረጅሙ ስንኝ አየር ለመስጠት ስል «ትንሽ ሰፋ አድርጉልኝ፤ 15 በ21 ይሁን» ብዬ ጠየቅሁ። አሁንም መልሱ «ይቻላል» ነበር። ዋጋው ግን እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም፤ ምክንያቱን የነገረኝ የለም። ራሴ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ነው የገባኝ። ጥቂት ኮፒ የሚያትሙልን ቤቶች የሚሠሩት በኤ4 ወይም በኤ3 ወረቀት ነው። ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ቅጠል 148.5 በ210 ይሆናል። የእኔ መድበል 96 ገጽ፣ ማለትም 48 ቅጠል ነው። ሦስት መቶ ኮፒ ሲባዛ 14,400 ቅጠል ይመጣል፤ ከአንድ ኤ4 ሁለት ቅጠል ስለሚወጣ 7,200 ወረቀት ይበቃል። ይህም 14 ደስጣ ተኩል ያህል ነው፤ ለብልሽት ሲጨመር 15 ደስጣ። የ15 ሴንቲ ሜትሩ ቅጠል ግን ከግማሽ ኤ4 አይወጣም፤ በሚሊ ሜትሮች ስለሚበልጥ ለእያንዳንዱ ቅጠል አንድ ሙሉ ኤ4 ይፈጃል። ሃያ ዘጠኝ ደስጣ ሊገዛ ነው፤ ግማሽ ያህሉም ቁርጥራጭ ሆኖ ወለል ላይ ሊቀር። በተለይ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚመጣ ወረቀት ዋጋ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ እያወቁ ይህቺን ስሌት አለመናገር ምን ይባላል? «ጋሼ፣ ከ148 አይለፉ፤ ወረቀቱ እጥፍ ይሆንብዎታል» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ስለዚህ ኤ5 ብዬ ቆረጥኩ። ለ88 ሚሊ ሜትር ስንኝ በእርግጥም የሚበቃ ገጽ ነው፤ የበደለኝ ሕዳጉ ነው።

ገጹን ያቀናበረልኝ ቤት በአራቱም ጎን እኩል 15 ሚሊ ሜትር ሕዳግ ተወ። ስክሪን ላይ ሲታይ ያማረ ነበር። መጽሐፉ ተጠርዞ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ገጹ የተቀናበረው 148 በ210 ሙሉ ሆኖ እንደሚቀር ታስቦ ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ ገና ከመነሻው ከዚያ አይበልጥም። ቢላዋው መጽሐፉን በሦስት ጎን ሲከረክም 3፣ 3 ሚሊ ሜትር ወሰደ። በሙጫ የሚጠረዝ መጽሐፍ ጀርባው ሙጫ እንዲይዝ ይፋቃል፤ እዚያም 2 ሚሊ ሜትር ሄደ። እጄ ላይ የደረሰው መጽሐፍ ወርዱ 143፣ ቁመቱ 204 ገደማ ነው። በስም ኤ5 ነው፤ በማስመሪያ ግን አይደለም። ከታች ጠርዝ 8 ሚሊ ሜትር ላይ የተቀመጠው የገጽ ቁጥር ወደ 5 ወረደ፤ ቢላዋው ትንሽ ባዘነበለባቸው ኮፒዎች ላይ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ተቆረጠ።

የውስጡ ሕዳግ የባሰ ነው። ከ15ቱ 2 በፍቂው ሄዶ 13 ቀረ። በሙጫ የተያዘ መጽሐፍ ጠፍጣፋ ሆኖ አይከፈትም፤ ገጹ ወደ ጀርባው ሲጠጋ ይጎብጣል፤ ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሚሆነውም በዚያ ጉብጠት ውስጥ ይሸሸጋል። ለዓይን የሚታየው 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እዚህ ላይ ግጥም ከዝርው ይልቅ ይጎዳል። ስንኝ ሁሉ ከግራ ይጀምራል። በቀኝ በኩል ባለው ገጽ ላይ ግራ ማለት ጀርባው ነው፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ስንኝ የመጀመሪያ ፊደል ጉብጠቱ ሥር ይገባል። በግራ በኩል ባለው ገጽ ላይ ግን ስንኙ ከውጭ ጠርዝ ጀምሮ ወደ ውስጥ ይመጣል፤ አብዛኛው ስንኝ ጀርባው ዘንድ ሳይደርስ ያልቃል። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ሕዳግ፤ የግራው ገጽ ይነበባል፣ የቀኙ ይታነቃል። አንባቢው ፊደሉን ለማግኘት በአውራ ጣቱ ሲጫን ደግሞ ሙጫው ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ወዲያ ቅጠሉ መርገፍ ነው።

የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህን ነገር አሳምረው ያውቁት ነበር። ቆዳው ተፍቆ ከደረቀ በኋላ፣ ቀለም ብራናው ላይ ሳያርፍ በፊት፣ የሕዳጉ ልክ በወስፌ ተወግቶ መስመሩ ይሰመራል። ከአራቱ ሕዳጎች የታችኛው ሰፊው ነው፤ መጽሐፉ የሚያዘው፣ ገጹም የሚገለጠው ከዚያ ስለሆነ እጅ ፊደሉን እንዳይነካው ነው። ሕዳግ ለእነሱ ከጽሑፍ የተረፈ ባዶ ቦታ አልነበረም፤ ከጽሑፉ በፊት የሚሠራ ሥራ ነበር። እኛ ኮምፒውተር ይዘን ያንን ትተን፣ ፕሮግራሙ ራሱ ያመጣውን ቁጥር በአራቱም ጎን ተቀብለን እንገባለን።

ትክክለኛው ስሌት አስቸጋሪ አልነበረም። ተከርክሞና ተፍቆ ከሚቀረው 143 ላይ ረጅሙን ስንኝ፣ 88ን፣ ስንቀንስ 55 ይቀራል። ከዚህ ላይ ለጀርባው 24፣ ለውጩ 31 መስጠት ይቻላል። ያን ጊዜ 8ቱ በጉብጠቱ ቢሸሸግ እንኳ 16 ሚሊ ሜትር ለዓይን ይተርፋል። ገጹ ሲቀናበር ደግሞ የሚፋቀው 2 በውስጥ በኩል፣ የሚከረከመው 3 በውጭ በኩል ተጨምሮ፣ 26 እና 34 ተብሎ ይገባል፤ ተደምሮ 148 ይመጣል። በዎርድ የሚሠራ ሰው Mirror margins የሚለውን ካልመረጠ ግን የግራውና የቀኙ ገጽ እንደ መስታወት አይገለባበጡለትም፤ ልፋቱ ሁሉ በአንደኛው ገጽ ላይ ብቻ ይቀራል።

ቁመቱም የራሱ ነገር አለው። ከ204 ላይ ከራስጌ 18፣ ከግርጌ 25 ቢተው 161 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። በ12 ነጥብ ፊደል፣ በ18 ነጥብ የመስመር ርቀት፣ 25 ስንኝ ይገባል። እኔ ግን 24 ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግጥማችን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሁለቱ ስንኝ ቤት እየመታ ስለሚሄድ፣ ገጽ በጎዶሎ ቁጥር ሲያልቅ አንዱ ስንኝ እዚህ፣ የሚገጥመው ወገኑ ወዲያ ማዶ ይቀራል። አንባቢው ገጹን እስኪገልጥ ድምፁ ከጆሮው ይጠፋል። በእኔ መጽሐፍ ውስጥ ይህ አሥራ አንድ ቦታ ላይ ሆኗል። ለማረም የሚያስፈልገው ከገጹ ላይ አንዲት መስመር መቀነስ ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ የወረቀቱ ጉዳይ ይመጣል። ስለ ወረቀት ስንጨቃጨቅ የምንጨቃጨቀው በግራም ነው። 80 ግራም ማለት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነው ወረቀት 80 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ብዙዎቻችን ተስማምተን የምንወጣው በ80 ነው፤ ይዘን የምንመለሰው ግን ሁልጊዜ እሱን አይደለም። እኔ መጽሐፉን ስነካው ሳሳብኝ። «80 ነው» አሉኝ። ስለዚህ አሥሩን ኮፒ ይዤ ወደ ገበያ ሄድኩና ቅመም የምትሸጥ እናት ሚዛን ላይ አስቀመጥኳቸው።

ስሌቱን ማንም ሊሠራው ይችላል። አንዱ ቅጠል 143 በ204 ሚሊ ሜትር ነው፤ 48ቱ ቅጠል ቢዘረጋ 1.4 ካሬ ሜትር ይሆናል። በ80 ግራም 112 ግራም ይመጣል፤ በ60 ግራም ግን 84። ሽፋኑ 250 ግራም ከሆነው ካርቶን ወደ 15 ግራም ይጨምራል። ስለዚህ አሥር መጽሐፍ በ80 ቢታተም 1 ኪሎ ከ270፣ በ60 ቢታተም ወደ 1 ኪሎ ሊመዝን ይገባዋል። ሚዛኑ 1 ኪሎን ብዙም አላለፈም። ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። በሦስት መቶው መጽሐፍ ላይ ሲሰላ የጎደለብኝ ወረቀት ከስምንት ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ለስምንት ኪሎ ወረቀት የአራት ዓመት ሥራዬ ሳሳ።

«60 ግራም ምን አለው? ስንቱ መጽሐፍ የሚታተመው በእሱ አይደለም?» የሚለኝ አለ። ለልብ ወለድ ምንም የለበትም። ልብ ወለድ ገጹን ከዳር እስከ ዳር ይሞላል፤ የፊተኛው መስመር ከኋለኛው መስመር ጀርባ ላይ ስለሚያርፍ ጥላው ቢኖርም ጽሑፉ ይሸፍነዋል። የግጥም ገጽ ግን ግማሹ ነጭ ነው። አንድን ቅጠል ወደ ብርሃን ያዙት። በፊቱ በኩል ስንኞቹ ወደ ጀርባው ተጠግተው ይጀምራሉ፤ ወደ ውጭ ያለው ነጭ ሆኖ ይቀራል። በኋላው በኩል ያለው ግጥም ደግሞ የሚጀምረው ከውጭው ጠርዝ ነው። የኋለኛው ግጥም መነሻ የሚያርፈው በፊተኛው ግጥም ነጭ ቦታ ላይ ነው ማለት ነው። ወረቀቱ ስስ ከሆነ ሁሉም ስንኝ ሲያልቅ ከጎኑ ሌላ፣ የተገለበጠ፣ የደበዘዘ ስንኝ ይጀምራል። ገጣሚው ዝም ይባልበት ብሎ የተወው ቦታ ላይ ሌላ ድምፅ ያንሾካሹካል። ግጥም ከዝርው ይልቅ ብርሃን የማያሳልፍ ወረቀት የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ግራም ብቻውንም ዋስትና አይደለም። ክብደትና ብርሃን አለማሳለፍ የተያያዙ ቢሆኑም አንድ አይደሉም፤ ክሬም ቀለም ያለው፣ ላላ ተደርጎ የተሠራ የመጽሐፍ ወረቀት በ70 ግራም ሆኖ ከነጩ 80 የተሻለ ጥላ ሊይዝ ይችላል። የሚለየው ሙከራ ነው። ከመድበሉ አንዱን ቅጠል በሁለት ፊት አሳትሞ፣ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ማየት፤ ቀጥሎ ደግሞ መስኮት አጠገብ ይዞ ማየት። ጠረጴዛው ላይ ጥላው ከታየ ወረቀቱ ለግጥም አይሆንም። ከአንድ ወረቀት በላይ ወጪ የለውም፤ ሆኖም ናሙና የጠየቀ ሰው እንደ ነገረኛ ይታያል።

«እንግዲያው 100 ግራም አድርገውና ተገላገል» ያለኝም ነበር። በዚህ በኩል ያለው ጣጣ ወፍራም ወረቀት በትንሽ ገጽ ላይ አልከፈት ማለቱ ነው። የዚህ ምክንያት ደግሞ ውፍረቱ ብቻ አይደለም። ወረቀት እንደ እንጨት ክሩ የሚሄድበት አቅጣጫ አለው፤ በክሩ አቅጣጫ በቀላሉ ይጎብጣል፣ ክሩን አቋርጦ ግን ይገግማል። ኤ4 ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ክሩ በረጅሙ ጎን ይሄዳል። ለሁለት ቆርጠን ኤ5 ስናደርገው ክሩ በመጽሐፉ ወርድ በኩል ይሆናል፤ ጀርባውን የሚያቋርጥ ማለት ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲከፍቱት ተመልሶ ይዘጋል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ወረቀት እርጥበት ስቦ የሚያብጠው ክሩን በሚያቋርጠው አቅጣጫ ስለሆነ፣ ቅጠሉ በቁመቱ ሊረዝም ይፈልጋል፤ በጀርባው በኩል ሙጫው አላንቀሳቅስ ይለዋል፤ ስለዚህ ገጹ ማዕበል ይሠራል። በሐምሌና በነሐሴ አምቦ ላይ መደርደሪያ ውስጥ የተቀመጡ መጽሐፎቻችን ለምን እንደሚሞገዱ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። በዚያው ዓይነት፣ በዚያው ግራም ኤ3 ወረቀት ወስዶ ለአራት መቁረጥ ነው። ክሩ በረጅሙ ጎን የሚሄድ ኤ3 ለአራት ሲከፈል ክሩ በመጽሐፉ ቁመት፣ ከጀርባው ጋር ጎን ለጎን ይሆናል። ወረቀቱ በብዛት ግማሽ ነው፤ 7,200 ኤ4 የነበረው 3,600 ኤ3 ይሆናል፤ ክብደቱም ያው ነው። የክሩን አቅጣጫ ለማወቅ አንዱን ወረቀት ሳያጥፉ አንዴ በቁመቱ፣ አንዴ በወርዱ ጎበጥ እያደረጉ በመዳፍ መጫን ይበቃል፤ በቀላሉ የሚጎብጠው ክሩ ያለበት አቅጣጫ ነው። ማሽኑ ኤ3 የሚያወጣ ቤት ይህን ለማድረግ የሚያጎድለው ነገር የለም። እኔ ያሳተምኩበት ቤት ኤ3 የሚያወጣ ማሽን ነበረው። ያወጡልኝ ግን በኤ4 ነው፤ ያልጠየቅሁት ባለማወቄ ነው፣ እነሱም አልነገሩኝም።

የሚያደክመኝ አንዱም ነገር ምስጢር አለመሆኑ ነው። 3 ሚሊ ሜትር እንደሚከረከም ቢላዋውን የያዘው ሰው በየቀኑ ያያል። ጀርባው እንደሚፋቅ ሙጫ የሚቀባው ሰው ያውቃል። 15 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ኤ4 እንደማይወጣ ደስጣ የሚከፍተው ልጅ ያውቃል። ሁሉም በየእጁ ያለውን ያውቃል፤ ደጃፉ ላይ የሚቀበለን ሰው ግን ከሦስቱ ጥያቄዎች አያልፍም። እኛም ግጥማችንን በልባችን እንጂ በማስመሪያ ለክተን አንሄድም። በመካከሉ መጽሐፉ ይበላሻል። ሦስት መቶ ኮፒ ደግሞ ሁለተኛ እትም የሚባል ነገር የለውም፤ ያ ገንዘብ ከደመወዝ ተቆጥቦ፣ ከዕቁብ ወጥቶ የመጣ ነው፤ ተመልሶ አይመጣም።

ባለፈው ሳምንት ጉደር ላይ የምትኖር አንዲት ወጣት ገጣሚ መድበሏን ይዛ ቤቴ መጣች። «ጋሼ፣ ነገ ቀብድ ልከፍል ነው፤ እስቲ ይዩልኝ» አለችኝ። ግጥሞቿን ከማንበቤ በፊት ማስመሪያ አነሣሁ። ገጽ በገጽ እያገላበጥን ረጅሙን ስንኝ ፈለግን፤ 94 ሚሊ ሜትር ሆነ። በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍንላት፦ ረጅሙ ስንኝ 94፤ ተከርክሞ የሚቀረው ወርድ 143፤ ለውስጥ 24፣ ለውጭ 25፤ በገጽ 24 ስንኝ፤ ወረቀቱ 80 ግራም፣ ከኤ3 የተቆረጠ፤ ቀሪው ክፍያ አንድ የተጠረዘ ናሙና ከታየና ከተመዘነ በኋላ። ወረቀቷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ከመሄዷ በፊት የእኔን መድበል አንሥታ ከቀኙ ገጽ አንድ ግጥም ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ የመጀመሪያው ፊደል አልታያት ብሎ ነው። በአውራ ጣቷ መጽሐፉን ጫን አድርጋ ከፈተችው። ሙጫው ሲሰነጠቅ ድምፁን ሁለታችንም ሰማነው።